ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ የተሰበረ የደም ቲዩብ ጣቴን ወጋኝ

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሴንትሪፊዩጅ ውስጥ አንድ የደም ቲዩብ ተሰበረ፤ ድምፁን ስሰማ አጥፍቼ ወዲያው ከፈትኩት። ስብርባሪውን በእጄ ስለቅም አንዱ ጓንቴን አልፎ ጣቴን ወጋኝ፤ ደሙም ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጣቴን ጨምቄ አደማሁትና በረኪና ውስጥ ነከርኩት። የደሙ ባለቤት ውጤት አይታወቅም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት የወሰድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ምን ላድርግ?»

ይህን እንዳነበቡ ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ ነገ አይበሉ። ኤችአይቪን ለመከላከል ከተጋላጭነት በኋላ የሚሰጠው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ግን ከ72 ሰዓት ሳያልፍ መጀመር አለበት። እርስዎ አንድ ቀን ያህል አልፎዎታል፤ የሚጠቅምበት ጊዜ ገና አላለፈም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሰዓት ያጎድለዋል። የታካሚው ውጤት እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም። የመጀመሪያው መጠን ዛሬ ይወሰዳል፤ ታካሚው ምክር ተሰጥቶት በፈቃዱ ተመርምሮ ነፃ ከሆነ መድኃኒቱ ይቆማል፤ ካልሆነ ወይም ሊታወቅ ካልቻለ ለ28 ቀናት ይቀጥላል። ከመጀመርዎ በፊት የራስዎ ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ለሄፓታይተስ ሲ ይመርመር፤ ይህ የመጀመሪያ ውጤት ከሌለ ኋላ ላይ የሚገኝ ለውጥ ከዚህ አደጋ የመጣ መሆኑን ማወቅ አይቻልም።

ብዙ ባለሙያዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚፈሩት ኤችአይቪን ብቻ ነው። እኔን በእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሄፓታይተስ ቢ ነው። ኤችአይቪ ባለበት ደም በመርፌ ከተወጉ 1,000 ሰዎች በቫይረሱ የሚያዙት 3 ያህል ናቸው። በሄፓታይተስ ቢ ግን የመከላከል አቅም የሌለው ሰው፣ የታካሚው ደም ብዙ ቫይረስ ያለበት ከሆነ፣ የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ይህ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሕያው ሆኖ ይቆያል። በመስታወት ስብርባሪ መወጋትም እንደ መርፌ ጉዳት ተቆጥሮ በተመሳሳይ መንገድ ይታያል።

ሁለት ጊዜ የተወሰደ ክትባት ያልተጠናቀቀ ክትባት ነው፤ ስለዚህ የቀረውን ዛሬውኑ ይውሰዱ፤ ከመጀመሪያው መድገም አያስፈልግም። ታካሚው ቫይረሱ እንዳለበት ከታወቀ ወይም አጥብቆ ከተጠረጠረ፣ ከክትባቱ ጋር በሌላ ክንድ የሄፓታይተስ ቢ ኢሚዩኖግሎቡሊን ይሰጣል። ይህ የተዘጋጀ የመከላከያ ፕሮቲን በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ከ7 ቀን በኋላ ግን ጥቅሙ አጠራጣሪ ነው። አንድ ነገር ሐኪምዎን ያስታውሱት፦ ለኤችአይቪ መከላከያ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሄፓታይተስ ቢን ጭምር ያዳክማሉ፤ ስለዚህ ቀድሞውኑ ይህ ቫይረስ ያለበት ሰው በ28ኛው ቀን በድንገት ሲያቆማቸው ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል። የመጀመሪያው ምርመራ ለዚህም ይጠቅማል።

ለሄፓታይተስ ሲ መከላከያ ክትባትም መድኃኒትም የለም፤ ነገር ግን በጊዜ ከተገኘ በመድኃኒት ይድናል፤ ስለዚህ ቫይረሱን ራሱን የሚያሳየው ምርመራ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሠራል። የኤችአይቪ ምርመራ በ6 ሳምንትና በ3 ወር ይደገማል። እስከዚያ ኮንዶም ይጠቀሙ፤ ደም አይለግሱ።

ቁስልዎን በተመለከተ፣ መጭመቅም በረኪና ውስጥ መንከርም ጥቅም የላቸውም። መጭመቅ ሥጋውን ይጎዳል እንጂ ቫይረሱን አያወጣም፤ በረኪናም ቆዳውን ያቃጥላል። የሚበቃው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ በደንብ መታጠብ ነው፤ ደም ዓይን ውስጥ ቢረጭ ደግሞ በንጹሕ ውኃ ብቻ ደጋግሞ ማጠብ። ያደረጉት አሁን የሚለውጠው ነገር የለምና አይጨነቁበት፤ ቁስሉ ከተቃጠለ ግን ለሐኪሙ ያሳዩት። የአደጋውን ቀን፣ ሰዓትና ሁኔታም በመዝገብ ያስፍሩ።

አሁን ወደ ሴንትሪፊዩጁ ልመለስ፤ ምክንያቱም ጣትዎ የተወጋው ስብርባሪውን ሲነኩ ቢሆንም አደጋው የጀመረው ክዳኑን ወዲያው ሲከፍቱት ነው። ቲዩብ በከፍተኛ ፍጥነት እየተሽከረከረ ሲሰበር ደሙ በዓይን ወደማይታዩ ደቃቅ ጠብታዎች ተበትኖ በማሽኑ ውስጥ ይንሳፈፋል። ክዳኑ ሲነሳ ጠብታዎቹ ወደ ፊትዎ ይወጣሉ። ስለዚህ ማሽኑ ይጠፋል፤ ክዳኑ ሳይከፈት ጠብታዎቹ እስኪሰፍሩ ለ30 ደቂቃ ይተዋል። ስብራቱ የታወቀው ከተከፈተ በኋላ ከሆነም ክዳኑ ወዲያው ተመልሶ ይዘጋና 30 ደቂቃው እንደገና ይጠበቃል። ታካሚዎች ውጤት ሲጠብቁ ግማሽ ሰዓት ረጅም እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይህ ሰዓት አይቀነስም።

ከዚያ በኋላ ጋውን፣ የፊት መከላከያና ሁለት ጓንት ይደረጋል፤ ላይኛው ወፍራም የጎማ ጓንት ቢሆን ይመረጣል። ይሁንና ወፍራም ጓንትም ቢሆን መስታወትን አያቆምም፤ እንደ እርስዎ ያሉ ብዙ ሰዎች የተወጉት ጓንት አድርገው ነው። ስብርባሪው በእጅ ፈጽሞ አይነካም፤ ትልልቁ በመቆንጠጫ፣ ደቃቁ ደግሞ በመቆንጠጫ በተያዘ እርጥብ ጥጥ ተለቅሞ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይገባል። ያልተሰበሩት ክዳን ያላቸው ቲዩቦች ለብቻቸው ተወስደው ውጫቸው ይጸዳል። የቲዩብ መያዣዎቹና ሮተሩ ብረትን በማይበላ ፀረ ተሕዋስያን ይነከራሉ፤ በረኪና ብረቱን ይበላዋልና በዚህ ቦታ አይመረጥም። የማሽኑ ውስጠኛ ክፍልም በዚያው መድኃኒት ሁለት ጊዜ ተጠርጎ በውኃ ይታጠባል፤ ከዚያ ይደርቃል።

በረኪና የሚያገለግለው ለወለሉ ነው። ሰው ከአካባቢው እንዲርቅ ተደርጎ ደሙ በሚመጥ ወረቀት ወይም ጨርቅ ይሸፈናል፤ ከዚያም 0.5 በመቶ ክሎሪን ያለው ውኃ ከዳር ወደ መሃል ይፈስበታል፤ ከመሃል ከተጀመረ ደሙ ወደ ውጭ ይስፋፋል። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ይቀላቀላል፤ የተበጠበጠው ኃይሉ ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ይዘጋጃል። ቢያንስ 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ፣ መስታወት ካለ በመቆንጠጫ ተለቅሞ፣ ወረቀቱ ወደ ተላላፊ ቆሻሻ ይገባና ቦታው በዚያው መድኃኒት እንደገና ይጠረጋል።

ማሽኑን ዳግም ከማስነሳትዎ በፊት የእያንዳንዱን ቲዩብ መያዣ የታች ጎማ አውጥተው በብርሃን ይመልከቱት። በጎማው ላይ የቀረ የመስታወት ብናኝ የሚቀጥለውን ቲዩብ ከሥሩ ይሰብራል፤ ትናንት የተሰበረውም ቀድሞ ከቀረ ብናኝ የተነሣ ሊሆን ይችላል።