ኩሽኔታው «በላ»፣ «ተሰረጎደ» ወይስ «ተቀረፈ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ሰነድ እተረጉማለሁ። የውጭ አገር መርማሪ የጻፈውን የፓምፖች ምርመራ ሪፖርት ወደ አማርኛ መለስኩ። ስለ ቤሪንግ፣ ማለትም ስለ ኩሽኔታ ጉዳት ስፖሊንግ፣ ብሪኔሊንግ፣ ፍሬቲንግ የሚሉ ቃላት ነበሩት። ስፖሊንግን «መፈርፈር» አልኩት። ፍሬቲንግን መዝገበ ቃላቱ «መጨነቅ» ስላለኝ «የብረት መጨናነቅ» ብዬ አለፍኩት። በተጠባባቂው ፓምፕ ላይ ታየ የተባለውን ፎልስ ብሪኔሊንግ ደግሞ «ሐሰተኛ ብሪኔሊንግ» አልኩ። ፎርማኑ አንብቦ «ሐሰተኛ ከሆነማ ምን አስጨነቀን» ብሎ ያንኑ ቤሪንግ መልሶ ገጠመው። አሁን ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ይጮኻል። ጥፋቱ የማን ነው? ቃላቱስ በአማርኛ ምን ይባሉ?

መልስ፦ ጥፋቱን ለሦስት እናካፍለው። ለእርስዎ፣ ለፎርማኑ፣ ለእንግሊዝኛውም ስያሜ። ትልቁ ድርሻ የስያሜው ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

አማርኛ «ሐሰተኛ» ሲል የሌለውን ነገር አለ ማለት ነው። ሐሰተኛ ምስክር ያላየውን ይናገራል። ሐሰተኛ ወሬ ያልሆነውን ሆነ ይላል። ፎርማኑ «ሐሰተኛ ብሪኔሊንግ» የሚለውን ሲያነብ «መርማሪው ጉዳት መስሎት ነበር፣ ግን አይደለም» ብሎ ቢረዳ አልፈርድበትም። አማርኛው የሚለው እንደዚያ ነውና። በእንግሊዝኛው ግን ሐሰት የተባለው ጉዳቱ ሳይሆን ስሙ ነው። ነገሩ ብሪኔሊንግ ይመስላል፣ ብሪኔሊንግ አይደለም። ብረቱ ግን በእርግጥ ተጎድቷል።

ብሪኔል የሰው ስም ነው። ዮሃን ኦገስት ብሪኔል ስዊድናዊ መሐንዲስ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 ፓሪስ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የብረት ጥንካሬ መለኪያ ዘዴውን ለዓለም አሳየ። ዘዴው ቀላል ነው። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን ጠንካራ ኳስ በ3000 ኪሎ ግራም ጫና ብረቱ ላይ ይጫኗታል። ኳሷ የተወችው ስርጉድ ምን ያህል እንደሚሰፋ ይለካል። ቤሪንግ ውስጥ፣ በውስጥና በውጭ ቀለበቱ መካከል ያሉት ኳሶችም ከአቅም በላይ ጫና ወይም የመዶሻ ምት ሲመጣባቸው ቀለበቱ ላይ ልክ እንዲህ ያለ ስርጉድ ይተዋሉ። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው።

እኔ የቋንቋ ሰው ነኝ እንጂ የብረት ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ጥያቄዎን ይዤ ቶርኖ ቤት ያላቸው አንድ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። «ጋሼ፣ ኩሽኔታ ሲበላሽ ምን ትላላችሁ?» አልኳቸው። «በላ እንላለን» አሉ። ሲሰረጎድስ? «በላ።» ሲላጥስ? «ያው በላ ነዋ!» ሳቅን። ለጋራዥ ወሬ አንድ «በላ» ይበቃል፤ የተበላ ኩሽኔታ ወጥቶ አዲስ ይገባል፣ አለቀ። ሪፖርት ግን የተጻፈው አዲሱም እንዳይበላ ነው። ለዚያ ደግሞ አንዷ ቃል አትበቃም።

(በነገራችን ላይ «ሻፍቱ በልቷል» የሚለው አነጋገር ይገርመኛል። የተበላው ሻፍቱ ሆኖ ሳለ በሊ አድርገነዋል። ሲነገር ያምራል። ሪፖርት ላይ ግን «ተበልቷል» ይበሉ፤ አለዚያ አንዱ «ምን በላ?» ብሎ ይጠይቅዎታል።)

ጋሼ ከመሳቢያቸው ሁለት አሮጌ የውስጥ ቀለበቶች አወጡ። ሁለቱም ላይ ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት ቦይ ውስጥ እኩል የተራራቁ ጠባሳዎች አሉ። በባዶ ዓይን አንድ ናቸው። ስምንት ኳስ ያለው ቤሪንግ ከሆነ ጠባሳዎቹ በየ45 ዲግሪው ይመጣሉ፤ በሁለቱም ዓይነት። ከዚያ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ሰጡኝ።

በአንደኛው ቀለበት ጠባሳው ውስጥ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። ፋብሪካው ቦዩን በማለስለሻ ድንጋይ ሲጨርስ የተዋቸው ናቸው። ጭረቱ ከዳር ይመጣል፣ ወደ ጠባሳው ይወርዳል፣ ታቹን ያቋርጣል፣ በወዲያኛው ዳር ይወጣል። ብረቱ ወደ ውስጥ ገባ እንጂ አልጠፋም። ድስት ወድቆ ሲሰረጎድ ቀለሙ በስርጉዱ ውስጥ እንዳለ እንደሚቀር ማለት ነው። በሁለተኛው ቀለበት ግን ጭረቱ ከጠባሳው ዳር ላይ ይቆማል። ታቹ ልሙጥ ነው። ጥግ ጥጉን ጠቆር ያለ የበርበሬ ቀለም ያለው ዱቄት ይዟል። እዚህ ብረቱ አልተጫነም፤ ተፍቆ ሄዷል።

የመጀመሪያው እውነተኛው ብሪኔሊንግ ነው። ሁለተኛው በእርስዎ ተጠባባቂ ፓምፕ ላይ የታየው ዓይነት ነው።

አማርኛ ለመጀመሪያው የታወቀ ቃል አለው፦ መሰርጎድ። ጉንጭም ይሰረጎዳል፣ ቆርቆሮም ይሰረጎዳል። ከሁለቱም ምንም አልጎደለም፤ ቅርጹ ብቻ ገባ ብሏል። ቃሉ ራሱ «ብረት አልጠፋም» የሚለውን ይዞልን ይመጣል። ለሁለተኛው ደግሞ «ሐሰተኛ»ን እንጣልና ስርጉድ መሳይ መበላት እንበል። ዋናው ቃል «መበላት» ሆነ፤ «ስርጉድ መሳይ» መልኩን ብቻ ይናገራል። ይህን ያነበበ ፎርማን ጉዳት የለም ሊል አይችልም።

ይህ የእኔ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስልዎ። አይ ኤስ ኦ 15243 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የቤሪንግ ጉዳቶችን በየወገናቸው ሲመድብ እውነተኛውን ብሪኔሊንግ ቅርጽ ከማጣት ጉዳቶች ጋር አስቀምጦታል። ስርጉድ መሳዩን ግን ከፍሬቲንግ ጋር፣ በመፋተግ ከሚመጣ ዝገት ሥር ነው ያስገባው። ስማቸው መንትያ ያስመስላቸዋል እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም።

ወደ ፍሬቲንግ እንሂድ። «መጨነቅ» ያለዎት መዝገበ ቃላት አልዋሸም፤ ቃሉ ዛሬ በተራ እንግሊዝኛ መጨነቅ፣ መብሰልሰል ማለት ነው። ጥንት ግን ትርጉሙ መብላት፣ መቦጥቦጥ ነበር። ጭንቀት ሰውን ከውስጥ ስለሚበላው ነው ወደዚያ የተሻገረው። የብረት ሰዎች አሮጌውን ትርጉም ይዘው ቀሩ። እንግዲህ ጋሼና የጥንቱ እንግሊዛዊ ሳይተዋወቁ «በላ» ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ፍሬቲንግ በብዛት የሚታየው ቀለበቱ ከሻፍቱ ወይም ኩሽኔታው ከሚቀመጥበት ቤት ጋር በሚገናኝበት ገጽ ላይ ነው። አገጣጠሙ ሲላላ ሁለቱ ብረቶች በዓይን በማይታይ ልክ ወዲህ ወዲያ ይላሉ። እየተፋተጉ ደቃቅ ብናኝ ያወጣሉ፤ ብናኙም ወዲያው ዝጎ ይቀላል። ስለዚህ በመፋተግ መበላት ይበሉት። «መፋተግ» የሁለት ወገን ድርጊት ነው፤ አንዱ ብቻውን አይፋተግም። አንባቢው ቀለበቱን ቀይሮ ሻፍቱን ሳይለካ እንዳይመለስ ቃሉ ራሱ ያስታውሰዋል። ሻፍቱ በማይክሮሜትር ካልተለካ አዲሱም ኩሽኔታ እዚያው ላይ ይላላል።

ስፖሊንግን «መፈርፈር» ማለትዎ ቅርብ ነበር፣ ግን አልደረሰም። የሚፈረፈር ነገር ሁለመናው የላላ ነው፤ እንጀራ፣ የደረቀ ጭቃ። እዚህ ግን ብረቱ ጠንካራ እንደሆነ ነው። ጫናው በተመላለሰ ቁጥር ብረቱ ይደክምና ከገጹ በታች ስንጥቅ ይጀምራል፤ አንዳንዴም ከገጹ ላይ ይነሳል። ስንጥቁ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ብቅ ሲል ስስ የብረት ቅርፊት ተነስቶ ይወድቃል። ለዚህ መቀረፍ ይሻላል፤ የወደቀውም «ቅርፊት» ይሆናል። አማርኛ እዚህ አንድ ነገር በነጻ ይሰጠናል። «ተቀርፏል» ካሉ በአንድ ቦታ፣ «ተቀራርፏል» ካሉ በየቦታው ነው። ተጨማሪ ቃላት የሚጠይቀውን ግሡ ብቻውን ጨረሰው።

አሁን ሪፖርትዎን እናስተካክል። እኔ ብሆን ያቺን መስመር እንዲህ እጽፋት ነበር፦

«የተጠባባቂው ፓምፕ ኩሽኔታ፦ በውስጥና በውጭ ቀለበቱ ቦይ ላይ፣ በኳሶቹ ርቀት ልክ፣ ስርጉድ መሳይ መበላት (ፎልስ ብሪኔሊንግ) ታይቷል። ጉዳቱ የደረሰው ፓምፑ ቆሞ ሳለ ከጎኑ ካለው ማሽን በመጣ ንዝረት ነው። ኩሽኔታው ይቀየር።»

የውጭውን ቃል በቅንፍ አንዴ ብቻ አስገባሁት፤ መካኒኩ የአምራቹን ማኑዋል ሲያገላብጥ እንዲያገኘው። ከዚያ በኋላ እስከ ሪፖርቱ መጨረሻ በአማርኛው ይቀጥሉ። «ሐሰተኛ» የሚለውን በቅንፍም ቢሆን አይመልሱት።

ቃሉ ትክክል ሲሆን መፍትሔውም ይለያያል። ቀለበቱ በእርግጥ ተሰርጉዶ ቢሆን ኖሮ አገጣጠሙን ነው የምንጠይቀው፤ የውስጡን ቀለበት ሻፍት ላይ ለማስገባት የውጩን በመዶሻ የመታ ሰው ነበር ወይ? የእርስዎ ግን ሌላ ነው። የቆመ ፓምፕ ከጎኑ የሚሠራው ሲያንቀጠቅጠው ኳሶቹ ባሉበት ሆነው ይርገበገባሉ። ግሪሱ ከመነካኪያው ተገፍቶ ይወጣል፤ ሳይሽከረከሩ ደግሞ አይመለስም። ብረት ከብረት ይፋተጋል። ስለዚህ አዲሱ ኩሽኔታ ከገባ በኋላ የቆመውን ፓምፕ ሻፍት በየጊዜው ማዞር፣ ኳሶቹም ከዞሩ በኋላ ሌላ ቦታ ላይ እንዲያርፉ ማድረግ፣ ከተቻለም ሁለቱን ፓምፖች በፈረቃ ማሠራት ያስፈልጋል። የሚመጣው ንዝረት ራሱ ቢቀንስ ደግሞ የበለጠ ነው።

የሚጮኸውን ፓምፕ አስቁመው ኩሽኔታውን ሲያስወጡ ቦዩን አብረው ይዩ። ተቀርፎ ሊያገኙት ይችላሉ፤ የተበላው ጉድጓድ ዳር ላይ ኳስ በተመላለሰ ቁጥር እዚያው ቅርፊት ይነሳልና። ያኔ «ተቀርፏል» ብቻ ብለው አይዝጉት። ቅርፊቱ የተነሳው በኳሶቹ ርቀት ልክ ከሆነ አዲሱ ሪፖርት ላይ «መቀረፉ የጀመረው ቀድሞ ከነበረው ስርጉድ መሳይ መበላት ነው» ብለው ይጨምሩ። አለዚያ ፎርማኑ ኩሽኔታው ዕድሜውን ጨርሶ የደከመ መስሎት አዲሱን ያስገባል፣ ፓምፑንም እንደ በፊቱ ያቆመዋል።