ኦክሲሜትሩ 99 ሲል

ዘንድሮ ሐዋሳ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ለምትመደቡ ኢንተርኖችና ነርሶች፣

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። የቆየ የሳንባ በሽታ፣ እኛ ሲኦፒዲ የምንለው፣ ላለበት ሰው ኦክስጅን ስትሰጡ የምትፈልጉት ሳቹሬሽን ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው። ቁጥሩን ለፈተና ሸምድዳችሁታል። ሌሊት ላይ፣ ቤተሰብ አልጋውን ከቦ ሲያለቅስ ግን ከአእምሮ ይጠፋል።

ብዙ ጊዜ የሚመጡት እንዲህ ያሉ እናት ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ አካባቢ ነው። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፤ ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን እንጀራ የጋገሩት በማገዶ ጭስ ውስጥ ነው። ለዓመታት ሲያስላቸው ኖሮ ጉንፋን ይይዛቸውና ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሲደርሱ ሳቹሬሽናቸው 79 ነው፣ በደቂቃ 32 ጊዜ ይተነፍሳሉ። ተረኛው ከረጢት ያለውን ማስክ አድርጎላቸው ፍሎሜትሩን 15 ሊትር ላይ ይከፍታል። ወዲያው ቁጥሩ 99 ይገባል። ሁሉም እፎይ ይላል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጃቸው "ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰዳት" ትላችኋለች። ያኔ ቀረብ በሉ። እጃቸውን ያዙት፤ ይሞቃል፣ የደም ሥር ምታቸውም ጣታችሁን ይገፋል። "እማማ፣ እጅዎን እንዲህ ዘርግተው መዳፍዎን ቀና ያድርጉልኝ" በሏቸው። መዳፋቸው ወደቅ እያለ ይመለሳል። ትንፋሻቸው ወደ 12 ወርዷል። ይህ እንቅልፍ አይደለም፤ ደማቸው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተከማቸ ነው። ኦክሲሜትሩ ኦክስጅንን እንጂ እሱን ስለማይለካ አሁንም 99 ይላል።

ለምን ይከማቻል? በተጎዳው የሳንባ ክፍል አየር በደንብ አይገባም። ሰውነት ይህን ስለሚያውቅ ወደዚያ የሚሄደውን የደም ሥር አጥብቦ፣ ደሙን አየር ወደሚያገኘው ክፍል ይልካል። እኛ ኦክስጅኑን ስናበዛው የጠበበው ሥር ይከፈታል። ደሙ አየር ወደማይወጣበት ክፍል ሄዶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሳያራግፍ ይመለሳል። በዚያ ላይ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲሞላ የተሸከመውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ትምህርት ቤት የሰማችሁት "የመተንፈስ ፍላጎታቸው ይጠፋል" የሚለውም ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም።

92 ላይ ማቆም ታካሚን ማስራብ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። 90 በመቶ ላይ ሄሞግሎቢኑ አብዛኛውን ጭነቱን ይዟል። ወደ 99 መውጣት የሚጨምረው ጥቂት ነው፣ የሚያስከፍለው ግን ብዙ ነው። በ2010 ከታዝማኒያ የወጣው ጥናት አምቡላንስ ውስጥ ከፍተኛ ኦክስጅን የተሰጣቸውን በ88 እና 92 መካከል ከተያዙት ጋር አወዳድሯል። ከፍተኛውን ከወሰዱት የሞቱት 9 በመቶ፣ ከሌሎቹ 4 በመቶ ነበሩ።

እንግዲህ እናታችንን ምን እናድርጋቸው? ማስኩን ድንገት አውልቃችሁ አትተዉት፤ ሳቹሬሽኑ ከገቡበት ቁጥር በታች ሊወድቅ ይችላል። ቬንቹሪ ማስክ ካለ ነጩን፣ 28 በመቶውን፣ በ4 ሊትር አድርጉላቸው። የቬንቹሪ ጥቅሙ ታካሚው በፍጥነትም ይተንፍስ በዝግታ የሚያገኘው መጠን ብዙም አለመለዋወጡ ነው። ቬንቹሪ ብዙ ቦታ አይገኝም፤ ከሌለ ናዛል ፕሮንግ በ1 ወይም በ2 ሊትር ይበቃል። ተራውን ፌስ ማስክ ግን "ትንሽ ይበቃቸዋል" ብላችሁ በ2 ሊትር አትክፈቱት። ከ5 ሊትር በታች ከሆነ ያወጡትን አየር መልሰው ይስቡታል።

ከዚያ አልጋው አጠገብ ቆዩ። 87 ካለ በትንሹ ጨምሩ፣ 94 ካለ ቀንሱ። ሳልቡታሞልና ፕሬድኒሶሎን አትርሱ። ኔቡላይዘሩን በኦክስጅን የምታስኬዱ ከሆነ ያ ራሱ ከፍተኛ ኦክስጅን ነው፤ በአየር የሚሠራ ካለ እሱን ተጠቀሙ። ድብታው ካልለቀቃቸው ሲኒየር ጥሩ። በማስክ ትንፋሽ የሚያግዘው ባይፓፕ ወዳለበት ቦታ ማስተላለፍ ካስፈለገም ሳይመሽ ይሁን።

ይህ ማለት ግን ኦክስጅን መንፈግ አይደለም። ልባቸው ሊቆም ለተቃረበ ሰው መጀመሪያ ያላችሁን ሁሉ ስጡ፤ ልክ ማስያዙ ሲረጋጉ ይደርሳል። ሳንባው ጤነኛ የነበረ የሳንባ ምች ታካሚም ወደ 94 እና ከዚያ በላይ መድረስ አለበት።

ለልጃቸውም አስረዷት። ፍሎሜትሩን ስትቀንሱ ያየ ቤተሰብ ተስፋ የቆረጣችሁ ይመስለዋል፤ እናንተ ዘወር ስትሉ መልሶ የሚከፍት አይጠፋም። ቻርቱ ላይ "ኦክስጅን ይሰጥ" ብቻ አትጻፉ። መሣሪያውን፣ ሊትሩንና "ዒላማ 88–92" የሚለውን ጽፋችሁ፣ የሌሊቱን ነርስ ስትረከብ አልጋው ድረስ ወስዳችሁ አሳዩዋት።