ኤስኤምአር 0.82 ሲወጣ

«የፋብሪካ ሠራተኞች ኤስኤምአር 0.82 ወጣልኝ። ሥራው ዕድሜ ያረዝማል ማለት ነው?»

ኧረ አትቸኩል! ኤስኤምአር የተመዘገበው ሞት ለሚጠበቀው ሞት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። 0.82 ሲሆን በሕዝቡ የሞት መጠን፣ ዕድሜና ፆታ ታይቶ፣ 100 ሞት ሲጠበቅ 82 ተመዘገበ ማለት ነው። ግን ሕዝቡ ውስጥ የአልጋ ቁራኛም አለ። ፋብሪካ ደግሞ በጠና የታመመ አይቀጥርም። «የጤነኛ ሠራተኛ ውጤት» የሚሉት ይህንን ነው።

ስለዚህ በሞት ምክንያት ከፋፍለህ እየው። ለምሳሌ ከ82ቱ 12ቱ በሳንባ ካንሰር ሞተው፣ የሚጠበቀው 6 ብቻ ቢሆንስ? ኤስኤምአሩ 2 ሆነ፤ አጠቃላዩ ቁጥር ሸፍኖት ነበር። የ95 በመቶ መተማመኛ ክልሉ ግን ከ1.03 እስከ 3.5 ገደማ ነው፤ ለጥቂት ነው ከ1 ያለፈው። ደግሞ ሲጋራም አለ። ሠራተኞቹ ከሕዝቡ ይበልጥ የሚያጨሱ ከሆነ ጭማሪው ሁሉ የፋብሪካው አቧራ ያመጣው አይደለም። እኔ ብሆን ብዙ ዓመት የሠሩትን ከአጭር ጊዜ ሠራተኞች ጋር እዚያው ፋብሪካ ውስጥ አነጻጽር ነበር።