የቢም ሪአክሽን ጥያቄና መልስ፦ ድምሩ ልክ፣ መልሱ ስህተት

«ቢሙ 6 ሜትር ነው፤ በግራ ፒን፣ በቀኝ ሮለር። ከግራ 2 ሜትር ላይ 12 ኪሎ ኒውተን አለ። ከ3 እስከ 6 ሜትር ደግሞ በሜትር 4 ኪሎ ኒውተን ተሰራጭቷል። ድጋፎቹ የሚሸከሙትን ሪአክሽን ግራ 14፣ ቀኝ 10 አገኘሁ። ድምሩ 24 ስለሆነ ልክ ነኝ አይደል?»

አይደለህም። 14ን ያገኘኸው ከጠቅላላው ጭነት፣ ከ24 ላይ፣ 10 ቀንሰህ ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ድምሩ 24 መምጣቱ አይቀርም። ቀኙን በስህተት 3 ብትለው እንኳ ግራው 21 ይሆንና ያው 24 ይመጣል።

አሁን ሞመንቱን፣ ማለትም ኃይሉን በርቀቱ አባዝተህ፣ ከቀኝ ድጋፍ ውሰድ። የግራው 14 በ6 ሲባዛ 84 ነው። 12ቱ ከቀኝ 4 ሜትር ስለሚርቅ 48 ይሰጣል። የተሰራጨው በጠቅላላው 12 ነው፤ መሃሉ ከቀኝ 1.5 ሜትር ላይ ስለሆነ 18። 48 እና 18፣ 66 ነው። ከ84 ጋር አይገናኝም።

የሳትከው የተሰራጨውን ከግራ 3 ሜትር ላይ ማስቀመጥህ ነው። 3 ሜትር መጀመሪያው ነው፤ መሃሉ 4.5 ላይ ነው። ከግራ ሲሰላ 24 እና 54፣ 78። ለ6 ሲካፈል ቀኝ 13 ይሆናል፣ ግራ 11። 11 በ6፣ 66፤ አሁን ገጠመ።

«እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ ላይ ከሁለቱም በኩል ሞመንት ወስጄ ልክ መጥቶልኝ ነበር። መምህሩ ግን ኤክስ አደረገብኝ።»

ከቀኝም 3 ሜትር ብለህ ይሆናላ! 48 እና 36፣ 84 ነው፤ የተሳሳተው 14 ቁጭ ብሎ ይገጥማል። ቼክ ማድረግ የስሌት ስህተትን እንጂ የስዕል ስህተትን አያወጣም። ስለዚህ ርቀቱን ከወረቀትህ አትገልብጥ፤ ከዋናው ስዕል እንደገና ለካ።

«አንድ ነገር ልጨምር። ሪአክሽን ኔጌቲቭ ከመጣ ያለ ጥርጥር ስህተት ነው።»

ግማሹን ልክ ነሽ። ድጋፎቹ በ4 ሜትር ተራርቀው፣ ቢሙ ከቀኙ 2 ሜትር አልፎ ጫፉ ላይ 10 ቢጫን፣ ቀኝ 15፣ ግራ ኔጌቲቭ 5 ነው። ድምሩ 10፣ ሞመንቱም ዜሮ። ግራው ወደ ታች ይይዛል ማለት ነው። ቢሙ ግራው ላይ እንዲሁ ከተቀመጠ ግን ይነሳል፤ እዚያ ላይ ጥርጣሬሽ ትክክል ነው።

«የእኔ ግራው ፊክስድ፣ ቀኙ ሮለር ነው፤ ጭነቱ ወጥ። ግማሽ ግማሽ አካፈልኩት፣ በየትኛውም ነጥብ የሞመንቱ ድምር ዜሮ መጣ። ጨረስኩ?»

ገና ነው። የፊክስዱን ሞመንት ሳታውቀው ዜሮ አድርገኸዋል። ሁለት የሚዛን እኩልታ አለህ፣ ያልታወቁት ግን ሦስት ናቸው። ስለዚህ ብዙ የተሳሳቱ መልሶችም ያልፋሉ። ቢሙ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ጭነትና አንድ ዓይነት ውፍረት ካለው፣ ፊክስዱ የጭነቱን 5/8፣ ሮለሩ 3/8 ይሸከማል። ይህን የሚያወጣው ሮለሩ ጋ ቢሙ አይወርድም የሚለው ነው። ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያይ እንደሆነ አልነገርከኝም፤ ከተለያየ ቁጥሩም ይለወጣል።