እሳቱን አትንኩት፣ ጊዜውን ጨምሩ

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ ወጥ ቤት ቆሜአለሁ። አዲስ ልጅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማስጠብሰው እንቁላል ነው። አብዛኞቹ መጥበሻውን እስኪጨስ ያግሉትና ይሰብሩበታል። ዳሩ ወዲያው ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፤ አስኳሉን የከበበው ወፍራም ነጭ ግን ገና ጥሬ ነው። እሱ እስኪረጋ ሲጠብቁ ታቹ ያርራል።

ችግሩ የሚመጣው ነጩና አስኳሉ የሚረጉበት ሙቀት ስለሚለያይ ነው። ነጩ 60 ዲግሪ አልፎ መርጋት ቢጀምርም ጠንከር የሚለው ወደ 80 ሲጠጋ ነው። አስኳሉ ግን 65 ላይ መወፈር ይጀምርና 70 ላይ ይረጋል። ስለዚህ ነጩ በስሎ አስኳሉ ፈሳሽ የሚሆነው፣ ነጩ መጥበሻው ላይ ስለተኛና አስኳሉ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ብቻ ነው። ለስለስ ያለ እሳት ሙቀቱ ታቹን ሳያቃጥል ቀስ ብሎ ወደ ላይ እንዲወጣ ጊዜ ይሰጠዋል።

አንድ ልጅ በአንድ እሳት ሦስት እንቁላል አስጠብሼው ነበር። ቅቤው አረፋ ሲያወጣ፣ ሳይጠቁር፣ ሦስቱንም ከስኒ ቀስ አድርጎ አፈሰሳቸው። በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር የሚሰማው። ነጩ መንጫጫትና ፊኛ ማውጣት ከጀመረ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው። ከ2 ደቂቃ በኋላ በመጥበሻው ዳር አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጎ ከደነው፤ እንፋሎቱ ላይኛውን ነጭ ያበስለዋል።

ከ1 ደቂቃ በኋላ ሲከፍተው ከአስኳሉ ዙሪያ ያለው ነጭ ረግቶ ነበር፤ መጥበሻውን ነቅነቅ ሲያደርገው አስኳሉ ይወዛወዛል። የመጀመሪያውን አወጣ። ከድኖ 1 ደቂቃ ተኩል ያህል ጨመረና ሁለተኛውን በማንኪያ ጀርባ ነካው፤ ዳሩ ጠንከር ብሏል፣ መሃሉ ገና ይለመጣል። ሦስተኛውን ሌላ 2 ደቂቃ ቆይቶ ሲጫነው አልለመጠም፤ ሲቆርጠውም አስኳሉ እስከ መሃል ረግቶ ነበር። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን የማቀርበው ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ፈሳሽ አስኳል ለእነሱ አልሰጥም።

እነዚህን ደቂቃዎች እንደ ሕግ አትያዟቸው። እንቁላሉ ከማቀዝቀዣ የወጣ ከሆነ ወይም መጥበሻው ስስ ከሆነ ይለያያሉ። አስኳሉን ነክታችሁ ፍረዱ፤ ከምትፈልጉት ትንሽ ቀደም ብላችሁም አውጡ፣ ሳህን ላይ ሆኖም መብሰሉን አያቆምምና።

ሙሉ በሙሉ የረጋ ስትፈልጉ እሳት መጨመር ያምራችኋል። እባካችሁ ተዉት፤ ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ስትሠሩ ደግሞ ቁልፉን ብትቀንሱም ብረቱ ቶሎ አይበርድም፤ ድምፁ ከፍ ሲል መጥበሻውን ራሱን አንሱና ጥቂት ሰከንድ በአየር ላይ ያዙት።