ዘጌን በእግር ለሚጎበኝ

«የድሮ ሕንፃና ታሪክ እወዳለሁ። ባሕር ዳር ላይ ባለኝ አንድ ቀን በእግሬ ምን ልጎብኝ?»

ቀኑን ለዘጌ ቢሰጡት ይሻላል። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ሄደው ሲወርዱ፣ በቡናው ጫካ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያወጣዎታል። ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ ክብ ቢሆንም በመካከሉ ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው፤ ስለዚህ ቅኔ ማኅሌቱን አልፈው ሲገቡ አራቱን ግድግዳዎች እየዞሩ ሥዕሎቹን በየተራ ያያሉ። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸውና፣ ጠርዙ የተላቀቀበት ቦታ ካለ ጨርቁን ልብ ይበሉ (እኔ ከሥዕሉ ይልቅ ይህን ስመለከት እቆያለሁ)። በረቡዕና በዓርብ ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚጀመር በጠዋት ይድረሱ፤ ከሰዓት በኋላ ጣናም በነፋስ ይናወጣል።