ፔስና የልብ ምት ረጅም ሩጫ ላይ ሲለያዩ፦ እኔ የምለካው እንዲህ ነው

«ረጅም ሩጫ ላይ ፔሴ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር የምሮጥበት ጊዜ፣ ያው ነው፤ የልብ ምቴ ግን ከ138 ተነስቶ መጨረሻ ላይ 155 ይደርሳል። ይህን ልዩነት በመቶኛ የሚናገሩ ሰዎች አያለሁ። እንዴት ነው የሚሰላው? ስንት ሲሆንስ ነው ብዙ የሚባለው?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ 138ንም 155ንም እርሳቸው። 138 ሰውነትህ ገና ሳይሞቅ የታየ ቁጥር ነው። 155ቱ ደግሞ ምናልባት የመጨረሻዋ ዳገት ላይ የታየ ይሆናል። የሩጫውን የመጀመሪያ ግማሽ አማካይ ከሁለተኛው ግማሽ አማካይ ጋር ነው ማወዳደር ያለብህ።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። 15 ደቂቃ በዝግታ እሮጥና ሰዓቴ ላይ ሩጫውን በክፍል የሚለየውን የላፕ ቁልፍ እጫናለሁ። ከዚያ 40 ደቂቃ በአንድ ዓይነት ጥረት እሮጣለሁ፤ ላፕ። ሌላ 40 ደቂቃ እደግማለሁ፤ ላፕ። ማሟሟቂያው ከስሌቱ ውጭ ነው። ልብ ከእግር ዘግይቶ ነው የሚነሳው፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ፔሱ ደርሶ ምቱ ገና ዝቅ ያለ ነው። ያንን ክፍል ካስገባኸው የመጀመሪያው ግማሽ ከእውነቱ የተሻለ ይመስላል፤ ልዩነቱም ይጋነናል።

ቦታው ሜዳ ይሁን። ካልሆነም አንድ ዙር ደጋግመህ ሩጥ፣ ሁለቱም ግማሾች እኩል ዳገትና ቁልቁለት እንዲደርሳቸው። አንድ አቅጣጫ ሄደህ መመለስ ጥሩ አይደለም። ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት ከሆነ የምትለካው መሬቱን ነው። መሃል ላይ ቆሞ ማረፍም አይፈቀድም፤ ቆመህ ምትህ ሲወርድ የሁለተኛው ግማሽ አማካይ ያለ ሥራው ይሻሻላል።

አሁን ስሌቱ። አንድ ቀን የሮጥኩት የመጀመሪያው 40 ደቂቃ 7.00 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ አማካይ ምት 142። ሁለተኛው 40 ደቂቃ 6.90 ኪሎ ሜትር፤ አማካይ ምት 150። ርቀቱን በሜትር አድርገህ ለ40 ስታካፍል 175 እና 172.5 ሜትር በደቂቃ ይመጣል። ከዚያ፦

```
175 / 142 = 1.232
172.5 / 150 = 1.150
(1.232 - 1.150) / 1.232 = 0.067
```

1.232 ማለት ልቤ አንዴ ሲመታ 1 ሜትር ከ23 ሳንቲ ሄድኩ ማለት ነው። በሁለተኛው ግማሽ በአንድ ምት የሄድኩት 1 ሜትር ከ15 ብቻ ነው። ልዩነቱ 6.7 በመቶ። አንዳንድ መተግበሪያ ላይ Pa:HR የሚል ቁጥር ካየህ ይኸው ነው። ግን እሱ ማሟሟቂያህን ራሱ አይቆርጥልህም፤ የምትፈልገውን ክፍል መርጠህ ነው ማየት ያለብህ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፤ እኔም ወድቄበታለሁ። ፔስን ቀጥታ ለልብ ምት ማካፈል። ፔስ የተገለበጠ ነገር ነው፤ ስትደክም ቁጥሩ ያድጋል። በዚያው ሩጫ ፔሴ ከ5:43 ወደ 5:48 ነው የሄደው። ፔሱን ለምቱ ባካፍል ሁለቱም አብረው ስለሚያድጉ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል፤ ልዩነቱም 4 በመቶ አካባቢ ብቻ ይሆናል። የባሰ ደክሜ ፔሴ በጣም ቢዘገይማ ጭራሽ ምንም ልዩነት የለም ይለኝ ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ ፍጥነት፣ ማለትም ሜትር በደቂቃ።

ሌላው ሴንሰር ነው። አንዴ ውጤቴ ከዜሮ በታች ወጣ፤ እየሮጥኩ በሄድኩ ቁጥር እየተሻልኩ ነበር ማለት ነው። ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። በኋላ ግራፉን ሳየው የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ምቴ 172 ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። በደቂቃ የምረግጠው እርምጃም 172 ነበር! የእጅ ሰዓቱ ልቤን ትቶ እርምጃዬን ነበር የቆጠረው። ይህ በብርሃን የሚያነቡ ሰዓቶች ላይ ያጋጥማል፤ በተለይ እጅ ሲቀዘቅዝ ወይም ማሰሪያው ሲላላ። መለያው የምቱና የእርምጃው መስመሮች ተደራርበው መሄዳቸው፣ ከዚያም ምቱ በድንገት መውረዱ ነው። አሁን ደረት ላይ የሚታሰረውን ነው የምጠቀመው። እሱም ደረቅ ከሆነ እስኪያልበኝ ድረስ ያበላሻል፤ ስለዚህ ከመታሰሩ በፊት ውኃ አስነካዋለሁ።

ወደ 6.7 በመቶዬ ልመለስ። የዚያን ቀን በቀትር ፀሐይ ነበር የሮጥኩት። ሰውነት ሲሞቅ ደም ወደ ቆዳ ይላካል፤ ላብ ደግሞ የደሙን ውኃ ይቀንሳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲያንስ በአንድ ምት የሚረጨውም ያንሳል። እግር የሚፈልገው ግን ያው ነው፤ ልብ ያንን ለመሙላት ቶሎ ቶሎ ይመታል። ስለዚህ ይህ ቁጥር ሙቀቱንም፣ የጠጣኸውንም ውኃ፣ ብቃትህንም ቀላቅሎ ነው የሚሰጥህ። ለብቻ አይለያቸውም።

በሳምንቱ ያንኑ ዙር በማለዳ፣ በቅዝቃዜ ደገምኩት። መጀመሪያ 7.00 ኪሎ ሜትር በ141፣ ቀጥሎ 6.98 ኪሎ ሜትር በ146። ስታሰላው 3.7 በመቶ ነው። እግሬም ልቤም በአንድ ሳምንት አልተለወጡም፤ የተለወጠው በዋናነት አየሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር መወዳደር ትቻለሁ። የራሴን፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ቦታ ብቻ ነው የማነጻጽረው።

ስንት ነው ብዙ ላልከው፣ አሰልጣኞች በተለምዶ የሚጠቀሙበት መስመር 5 በመቶ ነው። ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። በቅዝቃዜ፣ በሜዳ፣ በጥሩ ሴንሰር ሮጠህ ከ5 በታች ከሆነ ያ ፔስ ለዚያ ርዝመት ይመችሃል። በዚያው ሁኔታ ሮጠህ ከ5 በላይ ከወጣ የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አፈጣጠንህ። ቀላል የመሰለህ ፔስ ለአንተ ገና ቀላል አልሆነም። በሚቀጥለው ጊዜ ምትህን በደቂቃ በ5 ምት ያህል ዝቅ አድርገህ ጀምርና ያንኑ 80 ደቂቃ ድገመው። ልዩነቱ ከወረደ መልሱን አገኘህ። ካልወረደ እንቅልፍህን፣ ያለፈውን ቀን ልምምድ፣ ሕመም መኖር አለመኖሩን ጠይቅ። እኔ ጉንፋን ከመያዜ በፊት በነበረው ቀን ቁጥሩ ያለ ምክንያት ሲዘል አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ስለሆነ ግን ብዙ አልመካበትም።

ትሬድሚል ላይ ከሆንክ ፍጥነቱ ስለማይቀየር የሁለቱን ግማሾች ምት ብቻ ብታወዳድር ይበቃል። ክፍሉ ግን ነፋስ ይኑረው፤ የታፈነ ክፍል ውስጥ የሮጥከው ሩጫ እንደዚያ የቀትር ሩጫዬ ነው የሚሆንብህ።

የአንተን 138 እና 155 በተመለከተ፣ ከእነሱ ብቻ ምንም ማለት አይቻልም። በሚቀጥለው ረጅም ሩጫ ላፑን ተጫንና የሁለቱን ግማሾች ርቀትና አማካይ ምት እዚህ ጻፍልን። የአየሩን ሁኔታም ጨምርበት።